ሊዘል የተዘጋጀው ወጣት፦ ተምኔልና መክፈቻ ከአንድ ቅጽበት

የብዙ ሰው ቀረጻ ሰብስቦ አንድ ጥንቅር ቪዲዮ የሚሠራ ኤዲተር የሚቸገረው በምስል እጥረት አይደለም። ምስሉ ይበዛበታል። አንዱ ካሜራ ሰልፉን፣ ሌላው ሽብሸባውን፣ የአንዱ ስልክ የእናቶችን እልልታ ይዞለት ይመጣል፤ ሁሉም ያምራል። ቪዲዮውን ጨርሶ ተምኔል ለመሥራት ሲቀመጥ አንዱን መርጦ ሌላውን መተው ያሳዝነዋል። ስለዚህ አራቱን ወይም አምስቱን ቆራርጦ በአንድ ሰሌዳ ላይ ይደረድራል፤ በመሐላቸውም ትልቅ ጽሑፍ ያስገባል። በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ሲያየው ሙሉና ሀብታም ይመስለዋል። ተመልካቹ ግን የሚያየው በስልኩ ላይ፣ ከሌሎች አሥር ቪዲዮዎች ጋር እየተሻማ ነው። እዚያ የተደረደሩት ምስሎች ሁሉ ተዋህደው አንድ ዝንጉርጉር ነገር ይሆናሉ።

የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ አጭር ነው። የጥንቅር ቪዲዮ ተምኔልና የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች በአንድ ውሳኔ መሠራት አለባቸው። ከቀረጻው ውስጥ አንድ ቅጽበት ይመረጣል። ከዚያ ቅጽበት የወጣው ፍሬም ተምኔል ይሆናል፤ መክፈቻው ደግሞ ያንኑ ቅጽበት ከጥቂት ሰከንድ በፊት ጀምሮ ያንቀሳቅሰዋል። ተመልካቹ ጥፍር በምታህል ምስል ተስቦ ሲገባ ያየውን ነገር ወዲያው ማግኘት አለበት። ካላገኘው የተሳሳተ ቤት የገባ ይመስለዋልና ይወጣል።

ነገሩን በምሳሌ ብናየው ይሻላል። ጎንደር ላይ በፋሲለደስ መዋኛ የተቀረጸ የጥምቀት ቪዲዮ ልንሠራ ነው እንበል፤ ጥንቅሩ አሥራ አንድ ደቂቃ ይሆናል። ጥር 10 ቀን ከከተራ ጀምሮ ታቦታቱ ወርደው ማደራቸው፣ የሌሊቱ ቅዳሴ፣ ጥር 11 ቀን ጠዋት ውሃው መባረኩ፣ ምዕመናኑ ውሃው ውስጥ መግባታቸው፣ በመጨረሻም ታቦታቱ መመለሳቸው አለበት። ቀረጻው ከሦስት ሰዎች መጥቷል። አንዱ በደንበኛ ካሜራ በ1920 በ1080 ፒክስልና በሰከንድ 25 ፍሬም ቀርጿል። ሁለተኛው በስልክ በ4ኬ፣ ማለትም በ3840 በ2160 ፒክስልና በሰከንድ 30 ፍሬም ቀርጿል። ሦስተኛዋ ስልኳን አቁማ በመያዟ ምስሏ ቀጥ ያለ ነው፤ ወርዱ 1080፣ ቁመቱ 1920።

መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ የትኛው ቅጽበት ይመረጥ የሚለው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ወደ ድርጊቱ ጫፍ ይሮጣል፤ ወጣቱ ውሃው ውስጥ ሲወድቅ፣ ውሃው ሲፈናጠር፣ ሰው ሁሉ ሲጮህ ያለውን ይመርጣል። ጀርመናዊው ጸሐፊ ሌሲንግ በ1766 ባሳተመው «ላኦኮዎን» በተባለው መጽሐፉ ስለ ሥዕልና ስለ ቅርጻ ቅርጽ ሲናገር፣ ሠዓሊ የድርጊቱን ጫፍ ከሣለ ለተመልካቹ ምናብ የሚተርፍ ነገር እንደማይኖር ተከራክሯል። ያለፈውንም የሚመጣውንም ለመገመት የሚያስችለውን ቅጽበት መያዝ ይበጃል ይላል። ስለ ተምኔል ከተጻፈ ምክር ሁሉ እኔ ከዚህ የሚበልጥ አላገኘሁም። ውሃው ከተፈናጠረ ነገሩ አልቋል፤ ሰው የሚጫንበት ምክንያት የለውም። ወጣቱ በግንቡ ጠርዝ ላይ ቆሞ ጉልበቱን አጥፎ፣ ክንዱን ወደ ኋላ ወስዶ፣ ዓይኑን ውሃው ላይ ተክሎ ሳለ ግን ሁሉም ነገር ገና ነው።

ይህ ምርጫ የሚጠቅመው ለስሜት ብቻ አይደለም፤ ለምስሉ ጥራትም ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም የሚቀርጽ ሰው እንደ ወጉ የካሜራውን ሸተር በሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ላይ ያደርገዋል፤ ቪዲዮው ሲታይ እንቅስቃሴው ለስላሳ እንዲሆን ነው። ነገር ግን የዘለለ ሰው መውረድ ከጀመረ ከሰከንድ ሲሶ ግድም በኋላ በሰከንድ ሦስት ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ውስጥ ስድስት ሴንቲሜትር ይወርዳል ማለት ነው። የሰው ፊት ወርድ አሥራ አምስት ሴንቲሜትር ግድም ስለሆነ ዓይንና አፍ ተቀላቅለው ይጠፋሉ። ቪዲዮው ሲሄድ ማንም አያስተውለውም፤ ፍሬሙ ቆሞ ሲወጣ ግን ጭጋግ ነው። እንቅስቃሴ ሊጀምር ሲል ወይም ጨርሶ ሊመለስ ሲል ሰውነት ለቅጽበት ይቆማል፤ ጥርት ያለ ፊት የሚገኘው እዚያ ላይ ነው።

አንድ ያልተጠበቀ ነገር ልጨምር። በጠራራ ፀሐይ ከደንበኛው ካሜራ ይልቅ ስልኩ የተሻለ ፍሬም ሊሰጠን ይችላል። የአብዛኞቹ ስልኮች የሌንስ ቀዳዳ መጠኑ ስለማይለወጥ፣ ብርሃኑ ሲበዛባቸው ሸተሩን በጣም ያፈጥኑታል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ፍሬም እንደ ፎቶ ስል ይሆናል። ማታ በከተራው ምሽት ነገሩ ይገለበጣል፤ ስልኩ ይጨፈግጋል፣ ካሜራው ያሸንፋል። እንግዲህ ቀረጻ ስንመርጥ በመሣሪያው ዋጋ ሳይሆን በሰዓቱ ብርሃን ማሰብ ይኖርብናል።

ፍሬሙን ለማውጣት በዓይን እያዩ ማቆም አድካሚ ነው፤ እጅ ሁልጊዜ ይዘገያል። ሁለት ጊዜ ማበጠር ይሻላል። በመጀመሪያ ከረጅሙ ቀረጻ በየአምስት ሰከንዱ አንድ ፍሬም እናወጣለን፤ የሃያ ደቂቃ ቀረጻ 240 ምስል ይሆናል፤ በአንድ ፎልደር ውስጥ በትንሽ በትንሹ ዘርግቶ ማየት ይቻላል። ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ትእዛዙ ይህ ነው፦

```
ffmpeg -i jump.mp4 -vf fps=1/5 sheet_%03d.jpg
```

ወጣቱ ግንቡ ላይ የወጣበትን ቦታ ስናገኝ፣ ለምሳሌ 7 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ላይ፣ ከዚያ የሁለት ሰከንዱን ፍሬም ሁሉ እናወጣለን፦

```
ffmpeg -ss 00:07:12 -i jump.mp4 -t 2 jump_%03d.png
```

በሰከንድ 30 ፍሬም ከተቀረጸ ስልሳ ያህል ምስል ይወጣል። ከስልሳው ውስጥ ዓይኑ የተከፈተው፣ እጁ ፊቱን ያልጋረደው፣ ከኋላው ያለው ሰው ራስ ከራሱ ጋር ያልተጣበቀው ሦስት ወይም አራት ቢሆን ነው። ይህን ሥራ በኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ላይ ፍሬም በፍሬም እየገፉ መሥራትም ይቻላል፤ ዋናው ነገር ከአንድ ቅጽበት ብዙ እጩ ይዞ መምረጥ ነው።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። አዳዲስ ስልኮች፣ በተለይ ከአይፎን 12 ወዲህ ያሉት፣ ሳንነግራቸው በኤችዲአር ይቀርጻሉ። ከእንዲህ ዓይነቱ ፋይል በቀጥታ የወጣ ፍሬም የደበዘዘና አመድ የመሰለ ይሆናል፤ ነጩ ነጠላ ግራጫ፣ ቀዩ የጥላ ከፋይ ሮዝ ሆኖ ይታያል። ብዙ ሰው ካሜራው የተበላሸ መስሎት ቀለሙን በግምት ማጨቅ ይጀምራል። መፍትሔው ቀረጻውን መጀመሪያ በኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ውስጥ ወደ ተለመደው የቀለም ደረጃ መቀየር፣ ፍሬሙንም ከዚያ በኋላ ከታይምላይኑ ማውጣት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው መቁረጥ ነው፤ እዚህ የፒክስል ሂሳብ ይገዛናል። የተምኔል የተለመደው መጠን 1280 በ720 ፒክስል ነው። ከካሜራው ፍሬም የወርዱን ሁለት ሦስተኛ ቆርጠን ብንወስድ ልክ 1280 እናገኛለን፤ ከዚያ በላይ ብንጠጋ ምስሉ መለጠጥ ይጀምራል። ከ4ኬው ስልክ ግን የወርዱን ሲሶ ብቻ ቆርጠን ብንወስድ እንኳ 1280 ይሞላል። ራቅ ብሎ ከወዲያ ማዶ የተቀረጸ ወጣት ፊቱ ጎልቶ እንዲታይ የሚያደርገን ይህ ነው። ቀጥ ካለው የስልክ ቀረጻ ያለን ወርድ 1080 ብቻ ስለሆነ የተወሰነ መለጠጥ አይቀርም፤ ከሦስቱ የመጨረሻ ምርጫችን ይሁን።

በምሳሌያችን ከ4ኬው የወጣውን እንወስድ። ወጣቱ በግራ ሲሶ ላይ ይቆማል፤ ፊቱ ወደ ቀኝ፣ ወደ ውሃው ነው። በቀኝ ጥቁር አረንጓዴ ውሃ አለ፤ ከላይ በግንቡ ላይ የተንሰራፉት የዛፍ ሥሮችና ነጭ የለበሰው ሕዝብ ይታያል። የቀኙን የታች ጥግ ባዶ እንተወው፤ ዩቲዩብ የቪዲዮውን ርዝመት የሚጽፈው እዚያ ላይ ነውና ያስቀመጥነው ሁሉ ይሸፈናል። የታችኛውም ጠርዝ ቢሆን ቪዲዮውን ጀምሮ ለተወ ሰው ቀይ መስመር ይሰመርበታል።

አሁን ጽሑፉ። የበዓላችን ቀለም ነጭ ስለሆነ በሕዝቡ ላይ የተጻፈ ነጭ ወይም ቢጫ ፊደል ይጠፋል፤ ጽሑፋችን ጥቁሩ ውሃ ላይ መውደቅ አለበት። ምን ይጻፍ? «ጥምቀት በጎንደር» የሚለው በርዕሱ ውስጥ አለ። «ሊዘል ነው» የሚለውን ምስሉ ራሱ ተናግሮታል። ምስሉ ሊናገረው የማይችለው ነገር ይህ ሰው እዚህ ግንብ ላይ የቆመው ሌሊቱን በሙሉ ብርድ ላይ አድሮ መሆኑ ነው። እኔ «ሌሊቱን አድሮ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ሁለት ቃል ይበቃል። ይህን የምጽፈው ግን ወጣቱ ሌሊት እዚያ እንደነበረ በቀረጻው ካየሁ ወይም ከራሱ አፍ ከሰማሁ ብቻ ነው። ካልሆነ ሌላ እውነት እፈልጋለሁ።

በአማርኛ ተምኔል ላይ ብዙ ጊዜ የማይታሰብበት ችግር ፊደላችን ነው። በኮምፒውተር የዩቲዩብ ገጽ ላይ በቀኝ በኩል የሚደረደሩት ተምኔሎች ወርዳቸው 168 ፒክስል ብቻ ሆኖ ነው የኖረው። በ1280 ላይ ቁመቱ 120 ፒክስል የሆነ ፊደል እዚያ ሲደርስ አሥራ ስድስት ገደማ ይቀራል። አሥራ ስድስት ፒክስል ለላቲን ትልልቅ ፊደላት ይበቃል፤ የኛ ፊደል ግን ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው የሚለወጠው ብዙ ጊዜ በእግሩ ሥር ባለች ትንሽ ቀለበት ወይም ጭረት ነው። «ሌሊቱን» የሚለውን ተመልከቱ። ሌ ቀለበት አላት፤ ሊ ጭረት አላት። ብዙዎች እንደሚወዱት ፊደሉን በወፍራም ጥቁር መስመር ብንከብበው፣ ቀለበቷ ተደፍና ሁለቱ ፊደላት አንድ ይሆናሉ። ስለዚህ ፊደሉ ራሱ ወፈር ይበል እንጂ ዙሪያውን አይከበብ፤ ከኋላው ያለው ጥላ ከጠቆረ በቂ ነው። ቁመቱም ከ120 ፒክስል አይነስ። ይህ ደግሞ በራሱ የቃሉን ቁጥር ይገድብልናል።

ሥራው ሲያልቅ ፈተናው ቀላል ነው። ተምኔሉን ወደ 168 ፒክስል አሳንሱትና ስለ ቪዲዮው ምንም ለማያውቅ ሰው ለሁለት ሰከንድ አሳዩት፤ ከዚያ ሸፍኑትና «ምን ሊሆን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። «ሊዘል ነው» ካለ ተሳክቷል። «ብዙ ሰው አየሁ» ወይም «ጥምቀት ነው» ካለ፣ ዓይነቱን ነገራችሁት እንጂ ጥያቄ አልፈጠራችሁበትም። መልሳችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ቁረጡት።

ተምኔሉ ላይ ስለሚታየው ሰው አንድ ነገር መናገር ግዴታዬ ነው። በሕዝብ መሐል የተቀረጸ ሰው በቪዲዮው ውስጥ ለአንድ ሰከንድ ማለፉና ፊቱ ተለይቶ የቪዲዮው ምልክት መሆኑ አንድ አይደለም። የሚገኝ ከሆነ ይጠየቅ። ሕፃናትን፣ ከውሃ ሲወጡ ልብሳቸው የተጣበቀባቸውን ሴቶች፣ ሲያለቅሱ ወይም ሲጮሁ የተያዙ ምዕመናንን ለተምኔል ማውጣት አልደግፍም፤ ምንም ያህል ዓይን ቢስቡ። ለዚህም ነው ፊቱ በጎን የሚታይ፣ በክብር የቆመ ሰው ያለበትን ፍሬም የምመርጠው።

ወደ መክፈቻው እንሂድ። በአማርኛ ቻናሎች የተለመደው አጀማመር የቻናሉ ዓርማ በሙዚቃ ሲሽከረከር፣ ከዚያ ረጅም ሰላምታ፣ ከዚያ «ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ» የሚለው ነው። ሰላምታ የኛ ወግ ነው፤ ይቅር አልልም። ቦታው ግን ሃያኛው ሰከንድ ላይ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚያ በፊት ተመልካቹ የመጣበትን ነገር ይይ።

ለምሳሌያችን እንዲህ እሠራዋለሁ። ስክሪኑ ጥቁር ሳለ ለአንድ ሰከንድ ያህል እልልታውና የውሃው ድምፅ ቀድሞ ይሰማል። ከዚያ ተምኔሉ ከወጣበት ፍሬም ሁለት ሰከንድ ግድም ቀደም ብሎ ያለው ቀረጻ ይጀምራል፤ ወጣቱ ጠርዙ ላይ ይወጣል፣ ጉልበቱን ያጥፋል። ልክ ተምኔሉ ላይ ያለው ፍሬም ሲደርስ ምስሉ ይቆማል፤ ድምፁም አብሮ ይቋረጣል። ተመልካቹ የተጫነውን ምስል በዓይኑ አገኘው፤ ትክክለኛ ቦታ እንደመጣ አወቀ። በዝምታው ላይ የተራኪው ድምፅ ይገባል፦ «ይህ ሰው እዚህ የደረሰው ትናንት ማታ ነው።»

ከዚህ በኋላ ሦስት ቋሚ ምስሎች ይከተላሉ፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ሰከንድ ያህል ይቆያሉ። አንዱ የከተራው ሰልፍ ከነጥላው፣ ሁለተኛው በጨለማ ጧፍ የያዙ እጆች፣ ሦስተኛው ጎህ ሲቀድ ጋቢውን ተከናንቦ የተቀመጠ ሰው። በቆሙበት እንዳይደርቁ ከመቶ ወደ መቶ አምስት እጅ ቀስ ብለው ይጠጋሉ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ዓይን ያደክማል። ቋሚ ምስል የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። ሦስቱ ቀረጻዎች በፍሬም ፍጥነትም በቅርጽም ይለያያሉ። በሰከንድ 30 የተቀረጸ ቪዲዮ በ25 ታይምላይን ላይ ሲገባ እንቅስቃሴው ይንቀጠቀጣል፤ ቀጥ ያለው የስልክ ቀረጻ ደግሞ ግራና ቀኙ ባዶ ይሆናል። የቆመ ፍሬም ግን አይንቀጠቀጥም፤ እንደፈለግነው ተቆርጦም ይሞላል። በመክፈቻው ላይ የተለያየ ሰው ሥራ አንድ እጅ የሠራው እንዲመስል የሚያደርገው ይህ ነው። በቪዲዮው ሆድ ውስጥ ግን ይህን ማብዛት አይገባም፤ ሰው ቪዲዮ ሊያይ ነው የመጣው።

በአሥራ አምስተኛው ሰከንድ ርዕሱ ይወጣል፤ ቀጥሎ ሰላምታው፤ ከዚያ ታሪኩ ከከተራ ይጀምራል። ወጣቱ የሚዘለው ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ነው፤ በዚያ ጊዜ ከቆመበት ፍሬም ይቀጥላል፣ ዝላዩም ሳይቆረጥ በሙሉ ይታያል። ይህ ካልተደረገ ተመልካቹ ተታልሏል። ከቪዲዮው ውስጥ የሌለ ነገር ተምኔል ላይ ማሳየት በዩቲዩብ ደንብም የተከለከለ ነው። እኔ ከደንቡ አልፌ የሁለት ዓመት በዓል አጣብቆ አንድ ተምኔል መሥራትንም ከዚሁ እቆጥረዋለሁ።

ቪዲዮው ከወጣ በኋላ ስህተቱ የት እንደሆነ የሚነግሩን ሁለት ቁጥሮች ናቸው። አንደኛው ተምኔሉን ካዩት መካከል የተጫኑት በመቶ ስንት እንደሆኑ ነው። ሁለተኛው ከገቡት መካከል 30ኛው ሰከንድ ላይ የቀሩት በመቶ ስንት እንደሆኑ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ካላነበብናቸው ያሳስቱናል። የሚጫነው ብዙ ሆኖ የሚቀረው ጥቂት ከሆነ፣ ተምኔሉ የጠራውን ሰው መክፈቻው አላስተናገደውም። የሚጫነው ጥቂት ሆኖ የገባው ሁሉ ከቆየ፣ ቪዲዮው ደህና ነው፤ ምስሉ ነው የደከመው። በዚህ ጊዜ ተምኔሉ ብቻ ይቀየር እንጂ ርዕሱ አብሮ አይነካ፤ ሁለቱን በአንድ ቀን ከቀየርን የትኛው እንደሠራ አናውቅም። ዩቲዩብ እስከ ሦስት ተምኔል አወዳድሮ የሚያሳይበት መንገድ አለው። አሸናፊውን የሚለየው በተጫነው ሰው ብዛት ሳይሆን ባስገኘው የእይታ ጊዜ ድርሻ መሆኑን ልብ በሉ፤ ጠርቶ የሚያባርር ምስል እዚያ አያሸንፍም።

ሌላም የሚጠቅም ነገር አለ። የተመልካች ቆይታ ግራፉ በአንዳንድ ቦታ ወደ ላይ ጉብ ይላል፤ ሰው ወደ ኋላ መልሶ ያየው ቅጽበት ነው። ምናልባት እኛ ዝላዩን ስንመርጥ ሕዝቡ ግን ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ያለውን የአንድ አዛውንት ካህን ፈገግታ ደጋግሞ አይቶት ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ወደዚያ ሰከንድ ተመልሰን ፍሬም አውጥተን ሁለተኛ ተምኔል መሥራት እንችላለን።

መክፈቻው ላይ ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለም። ተምኔል በማንኛውም ቀን ይቀየራል፤ የተጫነን ቪዲዮ ግን አድራሻውና የእይታ ቁጥሩ ሳይጠፋ በአዲስ ፋይል መተካት አይቻልም፤ ከላዩ ቆርጦ መጣልን የመሰለ ጥቂት ማስተካከያ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ስለዚህ ቪዲዮውን ከመጫናችሁ በፊት ያላችሁን ጊዜ አብዛኛውን ለመጀመሪያው ሃያ ሰከንድ ስጡት።